በሁዳዴ የሚጠራ፣ ከፋሲካ በኋላ የሚመለስ ብጉር፦ ወተቱ ነው፣ ስኳሩ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ሜሮን_ገርጂ

ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 24 ነው፤ ብጉር ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ አልለቀቀኝም። ሁልጊዜ የሚገርመኝን ነገር ልጠይቃችሁ። ሁዳዴን ስጾም ከአጋማሹ በኋላ ፊቴ እየጠራ ይሄዳል። ፋሲካ ካለፈ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ ግንባሬና አገጬ ላይ ተመልሶ ይወጣል። በየዓመቱ ስለሚደጋገም አጋጣሚ ነው ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጓደኛዬ «ወተት ነው፣ ጨርሰሽ ተዪው» ትለኛለች። እናቴ ማምሸቴን ነው የምትወቅሰው። የሥራ ባልደረባዬ በቀን ሦስት ሊትር ውኃ እንድጠጣ መክሮኝ ጠረጴዛዬ ላይ ትልቅ ጠርሙስ አስቀምጦልኛል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መሞከር አልፈልግም፤ የትኛው እንደሠራ አላውቅማ። በእርግጥ የተረጋገጠው የቱ ነው? የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ናሆም_ሐዋሳ

ሜሮን፣ መልሱ ስኳር ነው፤ ይህ ጉዳይ ካለቀለት ቆይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 አውስትራሊያ ውስጥ ብጉር ያለባቸውን 43 ወጣት ወንዶች ለሁለት ከፍለው ለ12 ሳምንታት ተከታትለዋቸዋል። አንደኛው ቡድን ደም ውስጥ ስኳርን በፍጥነት የሚያወጣ ምግብ ቀንሶ ፕሮቲን ጨመረ፤ ሌላው እንደ ነጭ ዳቦና ድንች ያለውን መብላት ቀጠለ። የመጀመሪያው ቡድን ብጉር በአማካይ በ23 ገደማ ሲቀንስ የሁለተኛው በ12 ብቻ ነው የቀነሰው።

አሠራሩም ግልጽ ነው። ስኳር ሲበዛ ኢንሱሊን ይወጣል፣ ኢንሱሊን ሲበዛ የወንድነት ሆርሞኖች ይበረታሉ፣ እነሱ ደግሞ የወዝ ዕጢዎችን ያነሣሣሉ። ሻይሽን ያለ ስኳር ጠጪ፣ ለስላሳ መጠጥ ተዪ፣ ነጭ ዳቦ ቀንሺ። ወተቱን አትንኪው፤ ወተት ስኳርን በፍጥነት ከሚያወጡት ምግቦች ውስጥ አይደለም።

የአዴት_እናት

ልጄ ሜሮን፣ ቅቤ ነው ያስቸገረሽ። የእኔም ሴት ልጅ እንዲሁ ነበረች። ለበዓል ፀጉሯን ስትሠራ ለጋ ቅቤ እንቀባት ነበር፤ በሳምንቱ ግንባሯ ላይ ጥቃቅን ነገር ግጥም ይላል። እኛ ሙቀት ነው እንል ነበር። ቅቤውን ለጫፉ ብቻ አድርገን ሌሊት በሻሽ ስናስርላት ቀረ። አንቺም ከራስሽ ላይ ቅቤውን ቀንሺ።

ናሆም_ሐዋሳ

እናቴ፣ ሜሮን የጠየቀችው ስለሚበላው ነው፤ ስለ ፀጉር አይደለም።

ሄኖክ_ብረት

እኔ ከራሴ ልናገር። ጂም ስጀምር የፕሮቲን ዱቄት በወተት እየበጠበጥኩ ጠዋትና ማታ እጠጣ ነበር። ጥቂት ወራት ሳይሞላ ጀርባዬና ትከሻዬ ላይ የሚያም ትልልቅ ብጉር ወጣ፤ ቀድሞ ፊቴ ላይ እንኳ አልነበረብኝም። ዱቄቱን ሳቆም እየቀነሰ ሄደ። ስለዚህ የጓደኛሽን ምክር እኔም እደግፋለሁ። ለእኔ ማስረጃው ሰውነቴ ነው።

ዶክተር_ሶስና

የቆዳ ሐኪም ነኝ፤ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ይህንኑ ጥያቄ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ናሆም የጠቀስከው ጥናት እውነተኛ ነው፣ ቁጥሮቹንም በትክክል አስታውሰሃል። «ካለቀለት ቆይቷል» ያልከውን ግን አልቀበለውም። ስኳር የቀነሰው ቡድን በእነዚያ 12 ሳምንታት ወደ ሦስት ኪሎ ገደማ ክብደት ቀንሷል፤ ሌላው ቡድን አልቀነሰም። ክብደት መቀነስ ብቻውን ኢንሱሊንን ያወርዳል። ታዲያ ፊታቸውን ያሻሻለው የምግቡ ዓይነት ነው ወይስ የክብደቱ መውረድ? ከዚያ ጥናት ብቻ መለየት አይቻልም። በ2010 በዚያው በአውስትራሊያ በአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት 58 ወጣት ወንዶች ለ8 ሳምንታት ተመሳሳይ ሙከራ አድርገው፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል አስተማማኝ ልዩነት አልተገኘም። ምናልባት 8 ሳምንት አጭር ይሆናል፤ ምናልባትም ልዩነቱ መጀመሪያውኑ ትንሽ ነው።

እኔ በስኳር በኩል ያለውን ማስረጃ ከወተቱም፣ ከእንቅልፉም፣ ከውኃውም የተሻለ አድርጌ ነው የማየው፤ ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ የሞከረው እሱ ነውና። ሆኖም የአሜሪካ የቆዳ ሕክምና አካዳሚ በ2024 ባወጣው መመሪያ ስኳርን በፍጥነት የሚያወጡ ምግቦችን ስለመቀነስም ሆነ ወተትን ስለመተው ለመምከር ማስረጃው በቂ አይደለም ብሏል። ይህ ማለት ምግብ ከብጉር ጋር ግንኙነት የለውም ማለት አይደለም። መጠኑን የሚነግረን ጥሩ ሙከራ ገና አልተሠራም ማለት ነው።

ናሆም፣ ስለ ወተት ያልከው ግማሹ ልክ ነው። ወተት የደም ስኳርን ብዙም ከፍ አያደርግም፤ ኢንሱሊንን ግን ከዚያ ከሚጠበቀው በላይ ያስነሣል። ስለዚህ በስኳሩ መለኪያ ብቻ ነጻ ልናወጣው አንችልም።

ሜሮን፣ ከመቀጠሌ በፊት ሦስት ነገር ልጠይቅሽ። ግንባርሽ ላይ ያለውና አገጭሽ ላይ ያለው አንድ ዓይነት ነው? ከወር አበባሽ ጋር የሚያያዝ ነገር አስተውለሻል? ፊትሽንና ፀጉርሽንስ ምን ትቀቢያለሽ? የአዴት እናት ያነሡት ነገር ከጥያቄው የወጣ አይመስለኝም።

ራሔል_ሪያድ

ዶክተር፣ እኔ የምሠራው በሰው ቤት ነው። በረመዳን ቤተሰቡ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚቀመጥ እኔም የምተኛው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ከዚያ ብዙም ሳልቆይ እነሣለሁ። በዚያ ወር ፊቴ ይበላሻል። እንቅልፍ ማጣት ብጉር ያመጣል ማለት ነው? የሚበላውማ እንዲያውም ከሌላው ጊዜ የተሻለ ነው።

ሜሮን_ገርጂ

ዶክተር እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን መስታወት ፊት ቆሜ በደንብ አየሁት። ግንባሬ ላይ ያለው ከፀጉሬ ሥር ተያይዞ የሚወርድ፣ ሁሉም ተመሳሳይ መጠን ያለው፣ የማያም ጥቃቅን ነገር ነው። አገጬና መንጋጋዬ ላይ ያለው ግን ጥቂት ሆኖ ትልቅና የሚያም ነው፤ ሲድን ጥቁር ምልክት ይተዋል። እሱ የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል ይብስብኛል።

ፀጉሬን በተመለከተ እውነቱን ለመናገር አስቤበት አላውቅም ነበር። በጾም ቅቤ አልቀባም። ለፋሲካ ስሠራ ግን እቀባለሁ፤ ከዚያም እስከ ሰኔ ጾም ድረስ በየጊዜው እደግመዋለሁ።

የአዴት_እናት

ብያለሁ እኮ!

ዶክተር_ሶስና

የአዴት እናት፣ በእርስዎ ዓይን ላይ እኔም እምነት አለኝ። በፀጉር ቅባት የሚመጣ የግንባር ብጉር በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ ከ1970 ጀምሮ ስሙ ተለይቶ የታወቀ ነው። መልኩም ሜሮን እንደገለጸችው ነው፤ ከፀጉር መስመር ይጀምራል፣ ጥቃቅንና እኩል ነው፣ ብዙ ጊዜ አያምም። ቅባቱ በላብና በሙቀት ወደ ግንባር ወርዶ የቆዳውን ቀዳዳ ይደፍናል። ቅቤ ብቻ ሳይሆን ቫዝሊንና ወፍራም የፀጉር ቅባቶችም ይህን ያደርጋሉ። ቅባቱን ከፀጉሩ ሥር አርቆ መቀባት ወይም መተው ይበቃል፤ ለመጥራት ግን ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ይፈልጋል።

ስለዚህ ሜሮን፣ አንድ ብለሽ ያመጣሽው ነገር ሁለት ሆኗል። የግንባርሽ ከጾሙ ጋር መሄዱና መምጣቱ በምትበይው ሳይሆን በምትቀቢው ሊብራራ ይችላል። የአገጭሽ ግን በሆርሞን ዑደት የሚመራ ይመስላል፤ የወተቱም የስኳሩም ጥያቄ የሚነሣው እዚያ ላይ ነው።

ጾሙን እንደ ሙከራ ማየት ይማርካል። 55 ቀን ረጅም ጊዜ ነው፤ ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ሥጋ ሁሉም ይወጣሉ። ችግሩ አብሮ የሚለዋወጠው ነገር ብዛት ነው። እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ የሚውል ሰው የምግብ ሰዓቱ ይለወጣል፣ ክብደቱ ሊቀንስ ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ሽሮውን በዳቦ፣ ሻዩን በሦስት ማንኪያ ስኳር ያበዛዋል። የፋሲካ ሰሞን ደግሞ ለስላሳው፣ ኬኩ፣ ማምሸቱ አንድ ላይ ይመጣሉ። በዚህ ሁሉ መካከል ወተትን ብቻውን ተጠያቂ ማድረግ አይቻልም።

ሌላም መያዝ ያለበት ነገር አለ። ዛሬ የምታይው ብጉር የተጀመረው ትናንት አይደለም። ቀዳዳው በዓይን ሳይታይ መደፈን የሚጀምረው ብዙ ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጥና አይብ በልቶ ማክሰኞ የወጣበትን ብጉር በበዓሉ ምግብ የሚያሳብብ ሰው ጊዜው አይገጥምለትም። ቀድሞ የተደፈነው ቀዳዳ ቶሎ ሊቆጣ ይችላል፤ አዲስ ቀዳዳ ግን በሁለት ቀን አይደፈንም።

ራሔል፣ ያንቺን ለብቻው እመልሳለሁ፤ አልረሳሁትም።

ናሆም_ሐዋሳ

ዶክተር፣ ወተትን በተመለከተ ግን ትልልቅ ጥናቶች አሉ ሲባል እሰማለሁ። እነሱስ?

ዶክተር_ሶስና

አሉ፤ ግን ዓይነታቸው ይለያል። በ2005 የወጣው ታዋቂው ጥናት 47,355 አሜሪካውያን ነርሶችን «ሁለተኛ ደረጃ ሳላችሁ ምን ትበሉ ነበር? ከባድ ብጉርስ ነበረባችሁ?» ብሎ ነው የጠየቀው። ስቡ የወጣለትን ወተት በቀን ሁለት ብርጭቆና ከዚያ በላይ ይጠጡ የነበሩት፣ በሳምንት ከአንድ ብርጭቆ በታች ከሚጠጡት ይልቅ ከባድ ብጉር ነበረብን ያሉት በ44 በመቶ በልጠው ተገኙ። እስቲ አስብ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአሥራ ስድስት ዓመትህ ስንት ብርጭቆ ወተት ትጠጣ እንደነበር ትናገራለህ? ግንኙነቱ ይበልጥ የታየው ስቡ በወጣለት ወተት መሆኑ ግን ያስገርማል፤ ጥፋተኛ ካለ ስቡ አይደለም ማለት ነው። በኋላ ወጣቶችን እያደጉ የተከታተሉ ጥናቶችም ወደዚያው አቅጣጫ አሳይተዋል።

በሌላ በኩል በ2018 ዴንማርክ ውስጥ 20,416 ጎልማሶችን በዘረመል ያጠኑ ነበሩ። በተፈጥሮው ወተት የሚፈጭለት ሰው ዕድሜውን ሙሉ የበለጠ ወተት የመጠጣት ዝንባሌ አለው። ወተት ብጉር የሚያመጣ ከሆነ እነዚህ ሰዎች በብጉር መብለጥ ነበረባቸው። አልበለጡም። ይህ ለአዋቂዎች ነው፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅን ጉዳይ አይዘጋም። ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ «እናንተ ወተት ጠጡ፣ እናንተ ተዉ» ብሎ ብጉራቸውን የቆጠረ አሳማኝ ሙከራ የለንም። ወተት ተጠርጣሪ ነው፤ አልተፈረደበትም።

ሄኖክ፣ ያንተ ጉዳይ ከብርጭቆ ወተት ይለያል። አብዛኛው የፕሮቲን ዱቄት የሚሠራው ከአጓት ነው፤ በአንድ መጠን ውስጥ ያለው የአጓት ፕሮቲን በብርጭቆ ወተት ውስጥ ካለው እጅግ ይበልጣል። ዱቄቱን ሲጀምሩ ብጉር የወጣባቸው፣ ሲያቆሙ የተሻላቸው ወጣቶች በሐኪሞች ተመዝግበዋል። የጥቂት ሰዎች ታሪክ ስለሆነ ለሁሉም ሰው ሕግ አይሆንም፤ ላንተ ግን ዱቄቱን መተው ምንም አያሳጣህም። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ከዱቄቱ ሌላ የምትወስደው ነገር ነበር? ክኒን ወይም መርፌ? ጡንቻ የሚያሳድጉ ሆርሞኖች ጀርባና ትከሻ ላይ ልክ እንዲህ ያለ ብጉር ያወጣሉ።

ሄኖክ_ብረት

መርፌ አልወሰድኩም። አሠልጣኙ የሰጠን ሌላ ዱቄት ግን ነበር፤ ጽሑፉ በማላውቀው ቋንቋ ነበር። ሁለቱንም በአንድ ላይ ነው ያቆምኩት። አሁን ሲያስቡት የትኛው እንደነበረ አላውቅም።

ባንቺ_አምላክ

ስለ ውኃው ማንም አልተናገረም። ውኃ ቆሻሻውን ከደም ያጥባል፤ ብጉር ደግሞ የደም ቆሻሻ ነው። እኔ ጠዋት በባዶ ሆድ ሁለት ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ከጠጣሁ ወዲህ ፊቴ ያበራል።

ዶክተር_ሶስና

እህቴ፣ ጠዋት ውኃ መጠጣትሽን አልቃወምም። ብጉር ግን የደም ቆሻሻ አይደለም። የወዝ ዕጢ፣ የሚደፈን ቀዳዳ፣ በቀዳዳው ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያና የሰውነት ቁጣ ተደምረው የሚያመጡት ነገር ነው፤ በውኃ የሚታጠብ አንዳችም ነገር የለበትም። ወዙን የሚያዘው ሆርሞን ነው፤ ስለዚህ ውኃ ብትጨምሪ ወዙ አይቀጥንም። ብዙ ውኃ መጠጣት ብጉርን እንደሚቀንስ ያሳየ ሙከራ የለም። ቀድሞ በጣም ትንሽ ይጠጣ የነበረ ሰው ቆዳው ትንሽ ሊለሰልስ ይችላል፤ ያንቺ ማብራት ምናልባት እሱ ነው።

አንድ መንገድ ብቻ ይታየኛል። ውኃው የመጣው በለስላሳ ቦታ ከሆነ ለውጥ ሊኖር ይችላል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር ይይዛል። ሜሮን፣ የባልደረባሽ ጠርሙስ በዚህ በኩል ካልጠቀመሽ ሲጠማሽ ጠጪ፤ ሦስት ሊትር መቁጠር አያስፈልግሽም።

ራሔል፣ ወዳንቺ ልምጣ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ሰውነቱ ስኳርን በደንብ እንደማያስተናግድ የታወቀ ነው። በ1999 ቺካጎ ውስጥ 11 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለስድስት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ ይህ ታይቷል፤ ማታ ማታም የጭንቀት ሆርሞናቸው ከፍ ብሎ ነበር። ቆዳቸውን ግን ያየ አልነበረም። ሰንሰለቱ ከእንቅልፍ እስከ ኢንሱሊን ይደርሳል፤ ከዚያ እስከ ብጉር ያለው ቀለበት በሙከራ አልተያያዘም። በ2003 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 22 ተማሪዎችን በፈተና ሰሞንና ከፈተና ውጭ ያነጻጸረ ጥናት ደግሞ የእንቅልፉን ሰዓትም ቆጥሮ ነበር። ከብጉሩ መባስ ጋር ጎልቶ የተያያዘው ጭንቀቱ ነበር፤ እንቅልፉ ለብቻው አልወጣም። 22 ሰው ትንሽ ነው፤ ሆኖም ያንቺን ረመዳን ሳስብ ሥራውና ጭንቀቱ፣ ከምድጃ ፊት የመቆሙ ሙቀትና ላቡ፣ ፊትሽን ሳትታጠቢ መተኛቱ አብረው እንዳሉ ይታየኛል። «እንቅልፍ ነው» ብዬ ልነግርሽ አልችልም። «አይደለም» ብዬም አልነግርሽም።

ራሔል_ሪያድ

ዶክተር፣ ስለ ሙቀቱ ልክ ነዎት፤ ሳምቡሳ የምጠብሰው እኔ ነኝ። እንቅልፉን እኔ መወሰን አልችልም፤ ፊቴን መታጠብ ግን እችላለሁ።

ሜሮን_ገርጂ

እንግዲህ እንዲህ አሰብኩ። ቅቤውን ከፀጉሬ ሥር አርቃለሁ። ከዚያ ለአገጬ ወተትና እርጎ ልተው፣ ስኳሩን እንዳለ ልተወው፤ የሚቀንስ ከሆነ አውቃለሁ። ለስንት ጊዜ ልሞክረው? እንዴትስ ልቁጠረው?

ዶክተር_ሶስና

ከ12 ሳምንት በታች አትፍረጂበት። ያኔ ሦስት የወር አበባ ዑደት ገደማ ያልፋል፤ አንዱን መጥፎ ሳምንት ከአንዱ ጥሩ ሳምንት ጋር ከማወዳደር ትድኛለሽ። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መስኮት ብርሃን ከአፍሽ በታችና መንጋጋሽ ላይ ያበጠውን ብቻ ቁጠሪ። ጥቁሩን ምልክት አትቁጠሪ። እንደኛ ባለ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ ምልክቱ ብጉሩ ከሞተ በኋላ ለወራት ይቆያል፤ ብዙ ሰው እሱን እያየ «አልተሻለኝም» እያለ የሚሠራውን ነገር ያቋርጣል። ወተቱን ስትተዪ በቦታው ጣፋጭ ሻይና ብስኩት አታስገቢ፤ ያን ጊዜ ምን እንደለካሽ አታውቂውም። በመጨረሻ ወተቱን መልሰሽ ጀምረሽ ለተመሳሳይ ጊዜ ካልቆጠርሽ ደግሞ ሙከራው ግማሽ ነው።

አሁን ግን የማልስማማበትን ልንገርሽ። የሚያም ብጉር ያለበትና ምልክት የሚተውበት ሰው የምግብ ሙከራ እስኪያልቅ መድኃኒት ባይዘገይበት እመርጣለሁ። ማታ የሚቀባ አዳፓሊን፣ ጠዋት የሚቀባ 2.5 ወይም 5 በመቶ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የተረጋገጠ ነገር ነው። በጥቂቱ ጀምሪ፤ መጀመሪያ ያደርቃል፣ ፎጣና የትራስ ልብስም ያነጣል። እርግዝና ካሰብሽ አዳፓሊኑን አትጀምሪ። ከመዋቢያ ሱቅ የሚሰጥ ስም የሌለው ድብልቅ ክሬም ግን አትንኪ፤ ብዙዎቹ ስቴሮይድ አለባቸው፣ በሳምንት ያጠራሉ፣ ከዚያ ከበፊቱ የባሰ ያወጣሉ።

ናሆም_ሐዋሳ

ዶክተር፣ መድኃኒቱንና ወተት መተዉን አንድ ላይ ከጀመረች ግን የትኛው እንደሠራ በፍጹም አታውቅም። መጀመሪያ የጠየቀችው እኮ ይህን ለማወቅ ነው። ደግሞ ጥሩ ሙከራ እስኪመጣ ስኳር መቀነስን ለምን እንጠብቃለን? ጉዳት የለውም።

ዶክተር_ሶስና

ስኳር መቀነስ ጉዳት የለውም፤ በዚህ ተስማምተናል። ወተት መተው ግን ለሁሉም እንደዚያ አይደለም፤ ወተት ዋና የካልሲየምና የፕሮቲን ምንጯ የሆነች የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በወሬ ብቻ ስትተው አይቻለሁ፣ ያ ያሳስበኛል። ስለ ሌላው ልክ ነህ፤ አንድ ላይ ከተጀመረ መለየት አይቻልም። ጠባሳው ግን አይመለስም። የሜሮን ፊት ነው፣ ምርጫውም የሜሮን ነው።

ሜሮን_ገርጂ

መድኃኒቱን እጀምራለሁ። ወተቱን ፊቴ ሲረጋጋ፣ መድኃኒቱን ሳልቀይር እሞክረዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ እርጎና አይብ ከወተት ጋር እኩል ይቆጠራሉ?

ዶክተር_ሶስና

በውጭ አገር የተሰበሰቡ ጥናቶች ውስጥ እርጎም አይብም ግንኙነት አሳይተዋል፤ ብዙው የፋብሪካ እርጎ ግን ስኳር የተጨመረበት ነው። የእኛን የቤት እርጎ ወይም አይብ በዚህ ጉዳይ ያጠና ሥራ አላጋጠመኝም። ስትሞክሪ ሁሉንም አንድ ላይ ተዪ፣ ስትመልሺ አንድ በአንድ መልሺ።

ጅግጅጋ_ፋጡማ

የግመል ወተትስ? እኛ ቤት ከእሱ ሌላ ወተት የለም።